ኪኒን የማልውጥባቸው ቀናት

ሰቆጣ በመምህርነት ተመድቤ ሳለሁ ሐኪሙ የድባቴ ኪኒን አዘዘልኝና «ከመጠጥ ጋር እንዳትቀላቅለው» አለኝ። እኔም አልቀላቀልኩም፤ ጠላ በምጠጣበት ቀን ኪኒኑን ተውኩት። ማኅበር አለ፣ ተዝካር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ክርስትና አለ። ኪኒን የምውጠው ጠሪ ሲጠፋ ብቻ ሆነ።

ከሁለት ወር በኋላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን «መድኃኒታችሁ ውኃ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት።

የተረፈኝን ኪኒን ዘርግፋ አየችና «መቼ ዋጥከውና!» አለችኝ። «በየቀኑ ሳታቋርጥ ለሳምንታት ካልወሰድከው አይሠራም። ጠላው ደግሞ ለጊዜው ያስቅህና እንቅልፍህን ረብሾ በማግስቱ የባሰ ይደብትሃል። ኪኒኑ ሊያነሳህ ሲል መጠጡ መልሶ ይጥልሃል። ተው የተባልከው መጠጡን ነው እንጂ ኪኒኑን አይደለም!»

«ማኅበርተኛውን ምን ልበለው?»

«እውነቱን።»

በቀጣዩ ማኅበር ቀጂው ሲመጣ ዋንጫዬን በመዳፌ ከደንኩና «የድባቴ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ አልጠጣም» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የንስሐ አባቴ ሙሉ ዋንጫቸውን ቀስ አድርገው ገፉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ያንተም ኪኒን አፍ ያደርቃል?»