ሣጥኑ መሀል ይቀመጣል

ውበቱ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ ወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ሾፌር ነው። ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ ፈጅቶ ወገቡ እንቢ ሲለው መንግሥት ቤት ገባ። ጡረታው ቀርቧል። ከዚህ በኋላ የሚመኘው ያለ ጣጣ መውጣትን ብቻ ነበር።

የኔአለም ክረምቱ ሲወጣ ተቀጠረች። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ የይጁቤ ልጅ። የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም። ትቅር ወይም ትቀጠር ብሎ የሚፈርመው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ፍሥሐ ነው። እናቷ የምትኖረው በእሷ ደመወዝ ነው።

ኃላፊ የትም አገር ጋቢና ይቀመጣል። አቶ ፍሥሐም እንደዚያው ነበር። የኔአለም ከመጣች በኋላ ግን «ፊት ፀሐይ ይመታኛል» ማለት ጀመረና ወደ ኋላ ወንበር ዞረ፤ ከእሷ ጎን።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር።

«የይጁቤ ልጅ፣ ባል የላትም አሉ። የይጁቤ ገበያ እንዲህ ቀዘቀዘ?»

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ እጅ መጣ። ውበቱ በስፖኪዮ አየው። እጁ ጉልበቷ ላይ ነው። እሷ በሩ ላይ ተለጥፋ ቦርሳዋን አቅፋለች። ሌሎቹ መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

ውበቱን አፉ ቀደመው። «አቶ ፍሥሐ፣ እጅዎን ይሰብስቡ!»

ፍሥሐ አልተቆጣም። ሳቀ።

«አይ ሾፌር! ለካ አንተም ዓይንህን ጥለህባታል። ስፖኪዮው መንገድ ማያ መስሎኝ!»

ከኋላ አንዱ ተከትሎ ሳቀ።

ያን ዕለት ውበቱ ደግ የሠራ መስሎት ተኛ። በማግስቱ ወሬው ቢሮ ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ ሾፌሩና አዲሷ ልጅ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመስክ ፕሮግራም ወጣ። ዲማ፣ አዳር፣ ኃላፊውና የኔአለም ብቻ። ሾፌሩ አድርሷቸው ይመለሳል።

ውበቱ የግቢው በር አጠገብ ጠበቃት፤ ሰው የሚያልፍበት፣ ግን ንግግር የማይሰማበት ቦታ። ራቅ ብሎ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያባባስኩት» አላት።

«አዎ፣ ጋሽ ውበቱ።» ላለሳልሰው አላለችም። «ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልጠየቁኝም። እርስዎ ተናገሩ፣ እኔ ከፈልኩ።»

«ለወንድምሽ ልደውልለት?»

ፊቷ ተለወጠ። «ወንድሜ ከሰማ ይገድለዋል። እሱ እስር ቤት ይገባል፤ እናቴን ደመኛ ይከባታል። ያንን ነው የሚፈልጉት?»

«የአቶ ፍሥሐን የነፍስ አባት አውቃቸዋለሁ።»

«እሳቸው ታረቁ ይላሉ። ታርቄ ከጎኑ ልቀመጥ?»

ውበቱ ያወጣው ሁሉ የራሱ ሐሳብ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ሊላት የሚገባውን አላት።

«እሺ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? ያልሽኝን አደርጋለሁ። ያላልሽኝን አላደርግም።»

አሰበች። «ዲማ ብቻዬን ከእሱ ጋር አላድርም። መኪና ውስጥ ከጎኔ አይቀመጥ። አንድ ቀን ከከሰስኩ ያዩትን ይመስክሩልኝ። እስከዚያ ለማንም አይንገሩ።»

«ለፋንታነሽም?»

«ለባለቤትዎም።»

ይኸኛው ከሁሉም ከበደው።

«ማንጠግቦሽ ብትሰማስ?» አላት። ማንጠግቦሽ የክትባት ቡድን አስተባባሪ ናት፤ መሥሪያ ቤቱን ከኃላፊው በፊት ታውቀዋለች።

«እሷስ ትስማ። ግን ራሴ እነግራታለሁ።»

በጠዋቱ ማንጠግቦሽ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ተነሣች። «የዲማ ከብት በአንድ ሰው እጅ አያልቅም፣ አቶ ፍሥሐ። እኔም እሄዳለሁ። እኛ ሴቶቹ አንድ ክፍል እናድራለን።» ስለ እጅ አላነሣችም። ስለ ከብት ነው ያወራችው። በሰው ፊት ከብት አይከተብ የሚል ኃላፊ የለም።

ውበቱ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሣጥን ተሸክሞ መጣና የኋላ ወንበር መሀል ላይ በገመድ አሰረው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ፍሥሐ።

«ከኋላ ጭነት ቦታው ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ ጌታዬ። መድኃኒቱ ከተበላሸ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ፍሥሐ ሣጥኑን አየ፣ ውበቱን አየ። ጋቢና ገባና በሩን በኃይል ዘጋ።

ዲማ ሲደርሱ «አንተ ተመለስ» አለው።

«ከመሸ በዚህ መንገድ አይኬድም፣ ጌታዬ። የዘመኑን ነገር ያውቁታል።»

ይህ ውሸት አልነበረም። አደረ። ሴቶቹ አንድ ክፍል አደሩ። ከብቱ ተከተበ። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ሲመለሱ የኔአለም ከሰሰች። የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ክሷን ተቀብሎ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ መራው፤ በምስክርነት ውበቱ ተጠራ። ምስክሩ ከመሰማቱ በፊት ባለው እሑድ ሁለት እንግዶች ቤቱ መጡ፤ መሪጌታ ወልደ ገብርኤልና የፋይናንሱ ባምላክ። ፋንታነሽ ምንም ሳታውቅ ጠላ ቀዳች።

«ሽማግሌ ጎድሎናል» አሉ መሪጌታ። «ሦስተኛ ሁነን። ልጅቱ አንተን ትሰማለች።»

ሽማግሌ ሁነን መባል ክብር ነው። የጠሩትን ሽማግሌ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ፋንታነሽ ደስ ብሏት ባሏን አየችው።

«ክሱን ታንሣ፤ እሱም ቅጥሯን ያጽድቅላት» አለ ባምላክ። «ሁሉም ያተርፋል።»

«ልጅቱን ጠይቃችኋታል?»

«ሽማግሌ ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ!»

«እኔ አልሆንም፣ መሪጌታ» አለ ውበቱ። «ያየሁት ነገር አለ። ምስክር ሽማግሌ አይሆንም።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እውነት ነው» አሉ። «አይሆንም።» ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ባምላክ በሩ ላይ ዘገየ። «ጡረታህ ቀርቧል፣ ውበቱ።»

«ቀርቧል።»

«ምንድን ነው ያየኸው?» አለች ፋንታነሽ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ።

«ልነግርሽ አልችልም።»

ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም። እሱ በማግስቱ ጠዋት ለየኔአለም ደወለና ሽማግሌ እየመጣባት መሆኑን ነገራት፤ ድንገት እንዳይሆንባት። ምን እንደምትመልስ አልነገራትም። መልሱ የእሷ ነበር። አልታረቅም አለቻቸው።

ኮሚቴው ፊት ያየውን ተናገረ። እጁን፣ ጉልበቷን፣ በሩን። አንድ ነገር አልጨመረም።

«ሌላ ጊዜስ አላየህም?»

«ሌላ ጊዜ መንገድ ነበር የማየው።»

«በመካከላቸው ፍቅር ነበረ ይባላል።»

«የሚባለውን አላየሁም።»

ለፍሥሐ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠውና ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ በዚያው ማዕረግ፣ በዚያው ደመወዝ። የየኔአለምን ቅጥር ተተኪው አጸደቀላት። እንጀራዋ አልተቆረጠም። ሻይ ቤት ግን ከማንጠግቦሽ በቀር አብሯት የሚቀመጥ የለም። ውበቱም የመኪናውን ቁልፍ ተቀብለውት ጋራዥ ጠባቂ ሆነ። ምክንያቱን የነገረው የለም። የኔአለም ስታልፍ ሰላም ትለዋለች። አመሰግናለሁ ብላው አታውቅም፤ እሱም አልጠበቀም።

አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ ተቀምጦ ለመሳፍንት ደወለ። መሳፍንት በጭነት መኪናው ዘመን ረዳቱ ነበር፤ አሁን ፍሥሐ በተዛወረበት ወረዳ ሾፌር ነው።

«አዲስ ኃላፊ መጣላችሁ አሉ።»

«መጣ፣ ጋሼ። ተጫዋች ሰው ነው።»

«ጋቢና ነው የሚቀመጠው?»

«ኧረ ከኋላ! ፊት ፀሐይ ይመታኛል አለ።» መሳፍንት ሳቀ።

ውበቱ የየኔአለምን ስም ሊያነሣ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስሙ ግን የእሱ አልነበረም።

«ከኋላ ከጎኑ ማን ይቀመጣል?»

«አንዲት አዲስ ልጅ አለች። ምነው?»

«የክትባት ሣጥኑን የት ነው የምትጭነው?»

«ከኋላ ጭነት ቦታው ላይ።»

«ወደ ውስጥ አስገባው። መሀል እሰረው» አለ ውበቱ። «አፍህን ደግሞ ያዝ። ከመናገርህ በፊት ልጅቱን ጠይቃት።»