በፌስታል የታሰረው ጫማ

ባለቤቴ ባረፈበት ዓመት ክረምቱ ረዘመ። ሙሉ ልብሱንና ጥቁር የቆዳ ጫማውን ለልጃችን ብዬ አስቀምጬ ነበር። ቤታችን ሐይቅ አጠገብ ስለሆነ እርጥበት እንዳይገባው ብዬ ጫማውን ቀለም ቀብቼ በፌስታል ጥብቅ አድርጌ አስሬ ከልብሱ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ልጄ አስተማሪ ሆኖ ተቀጥሮ ሥራ ሊጀምር ሲል ሣጥኑን ከፈትኩ። ልብሱ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ጫማውን አረንጓዴ ሻጋታ ወርሶታል።

ጎረቤቴ አይታ፣ «ምነው እቴ፣ እንጉዳይ ልታበቅይበት ነው በፌስታል ያፈንሽው?» አለችኝ።

ደጅ አውጥተን ልብሱን በደረቁ ቦርሸን ፀሐይ ላይ ሰቀልነው፤ ነጠብጣቡ ለቀቀለት። ጫማውን ደግሞ ውሃ በጨመርንበት አቼቶ ጨርቅ አርሰን ወለወልነውና ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ጥላ ላይ አደረቅነው። ላዩ ጠራ። ሻጋታው የበዛው ግን ከውስጥ፣ የባለቤቴ የእግር ጣቶች ጠቁረው በታተሙበት የጫማው ንጣፍ ላይ ነበር። ደጋግመን ብንጠርገውም ሽታው አልለቅ አለ።

«ይኼ ተነቅሎ ይጣል፤ አለዚያ ተመልሶ ይሻግታል» አለች።

«የእግሩ ምልክት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ እህቴ። ልጁስ ምን ይጫማ?»

 ንጣፉን በቢላ ጫፍ ራሴ ላጥኩት፤ ጫማ ሰፊው አዲስ ለጠፈበት።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ተጫምቶት ቆመና፣ «እማዬ፣ ልክክ አለኝ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና በሩን ከፈትኩለት።