በመጀመሪያው መስመር ሞክሪ

ጓደኛዬ ሥራዋን ያስረከበችኝ በአሥራ አንድ ገጽ ሰነድ ነው። ቡታጅራ ውስጥ በርበሬና ቅመም በሚሸጥ መጋዘን አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን አራት ዓመት ሠርተናል፤ እሷ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ እኔ ዕቃውን አስጭናለሁ። ትዕዛዝ በደብተር መጻፍ ሲሰለቻት ኮድ መጻፍ የማይጠይቅ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ አገኘችና ሳጥን ከሳጥን እያያያዘች የራሷን ዘዴ ሠራች። ደንበኛው ስልኩ ላይ ፎርም ይሞላል። የሞላው ሠንጠረዡ ላይ አዲስ መስመር ሆኖ ይገባል፤ ያኔ ሚዛን ላይ ላሉት ልጆች በቴሌግራም ግሩፓቸው መልእክት ይደርሳቸዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ አምና ለመስቀል ላዘዘ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አጭር መልእክት ይሄዳል፦ አምና ያዘዙት ይህ ነበር፣ ዘንድሮስ እናዘጋጅልዎ?

ሰነዱን የጻፈችው ታማ አልጋ ላይ ሆና ነው። ሲደርሰኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር። የስልክ ቁጥር ያለበት ዓምድ “ጽሑፍ” ተብሎ ካልተቀመጠ መነሻዋ ዜሮ ትጠፋለች ብላ ሦስት ቦታ ጽፋለች። ሞኝ አደረገችኝ እንዴ አልኩ። “ዝም” ስለሚባለው ዓምድ አንድ ሙሉ ገጽ አለ። ሐዘን የገባበትን ቤት ከሰው እየጠየቅኩ እዚያ ላይ ምልክት እንዳደርግ ትላለች፤ ምልክት ያለበትን መስመር ማጣሪያው ያልፈዋል፣ መልእክት አይልክም። “መሣሪያው ለቅሶ አይሰማም፣ አንቺ ስሚለት” ይላል።

ስለ ሙከራ የጻፈችው አጭር ነው። “ከመላክሽ በፊት በመጀመሪያው መስመር ሞክሪ፤ የእኔ ቁጥር ነው፣ ሰው አትረብሺም። ደርሶኛል እስክልሽ ሌላውን አትልቀቂ።”

ሐምሌ ላይ ሞተች። ቡኢ ሄደን ቀበርናት።

ነሐሴ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሬ ከመስቃንም ከጉንችሬም የሚመጣውን ሰው ሁሉ እየጠየቅኩ “ዝም” የሚለውን ዓምድ ሞልቼ ነበር። ዘጠኝ ቤት አገኘሁ። በጥንቃቄዬም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። ከዚያ ሰነዱን ከፍቼ እንደ ታዛዥ ተማሪ ተራ በተራ ሄድኩ። ዜሮዎቹን አየሁ። ማጣሪያውን አየሁ። መሣሪያው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እንዲወስድ አደረግኩና ሙከራውን ተጫንኩ። ከዚያም ስልኬን አንስቼ መልሷን ጠበቅኩ።

ምን ያህል እንደጠበቅኩ አላውቅም። የማንን መልስ እንደምጠብቅ ሲገባኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ሰው አስታውሼ እሷን ረስቻታለሁ።

ስልኩ ጮኸ። የእሷ ስም ነው የሚታየው። አነሳሁት።

“ልጄ፣ በልጄ ስልክ መልእክት ገባ። የጎረቤት ልጅ አነበበችልኝ” አሉ እናቷ። “የላከው ማነው?”

“እኔ ነኝ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። ለሙከራ ነው፣ ቁጥሩን ማውጣት ነበረብኝ።”

“አነጋገሩ ግን የሷ ነው።”

“አዎ፣ የጻፈችው እሷ ናት። እኔ የላክሁት ብቻ ነኝ።”

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “ሁለት ኪሎ በርበሬና ኮረሪማ ይላል። አምና ለመስቀል ያመጣችልኝ ነው” አሉ። ቀጥለውም፣ “እናዘጋጅ ወይ ብላ የለ? አዎ በይልኝ።”

ፎርሙን እኔ ሞላሁላቸው። በማን ስም ላድርገው ስላቸው፣ “በሷ ነዋ” አሉኝ።

መልእክቱ ሚዛን ቤት ሲደርስ በግድግዳው በኩል ጫጫታው ቀጥ አለ። አንደኛው መዛኝ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ መጣና አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ተመልሶ ሄዶ መዘነ፤ በማግስቱ በሚኒባስ ቡኢ ወሰድኩላቸው። የዚያን ቀን እናቷ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ መልእክቷ በየዓመቱ እንዳይቀርባቸው።

አሁን እኔም ወልቂጤ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው፤ ሰነዱን ለምትተካኝ ልጅ እያደስኩ ነው። የእሷን አሥራ አንድ ገጽ አልነካሁትም፣ ዜሮዎቹን እንኳ ሦስቱንም ቦታ ተውኳቸው። የቀየርኩት የሙከራውን ክፍል ብቻ ነው። “በመጀመሪያው መስመር አትሞክሪ። እዚያ ላይ ዝም የሚል ምልክትም አታድርጊ፤ መልእክቱ እንደ ሌላው ሰው በጊዜው ይድረስ፣ እናቷ ይጠብቁታል። ለሙከራ ሁለተኛው መስመር ላይ የእኔ ቁጥር አለ። ደርሶኛል እስክልሽ ሌላውን አትልቀቂ።”

የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ከዚያ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ “በየዓመቱ ከመሞከርሽ በፊት ግን ደውለሽ መኖሬን ጠይቂ።”