አንቀጽ ዘጠኝ፦ ሸሪክ የሞተ እንደሆነ

ሆሳዕና ከተማ ለሌላው ሰው ስንት ውል እንደጻፍኩ አላስታውስም። ለራሴ የጻፍኩት ግን ሁለት ነው። ሁለቱንም ያበላሸሁት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የሽርክና ውል ነበር። ሸሪኬ በዕድሜ ሃያ አራት ዓመት ይበልጡኝ ነበር። የሀዲያ ሰው ናቸው። ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ኋላ የጥብቅና ፈቃድ አወጡ። እኔ ደግሞ አባቴ ከሰሜን በሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሆሳዕና የተወለድኩ ወጣት ጠበቃ ነበርኩ። አጻጻፌ ዳኛ ያስለቅሳል ይሉኝ ነበር። ዳኛ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ሲያዛጋ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። መሬቱ ተወርሶ የመሬት ክርክር ወደ ገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ሄዷል። ለኛ የቀረልን ፍቺ፣ የከብትና የገንዘብ ውርስ፣ ድብድብና ብድር ነው። ካድሬዎቹ በስብሰባ ላይ ጠበቃ የአድኃሪ ሥርዓት ትራፊ ነው ይሉ ነበር፤ ከሚስታቸው ሲጣሉ ግን በጓሮ በር ይመጡ ነበር። ስለዚህ ሥራ አልጠፋም። የኔ ችግር ሌላ ነው፦ ሀዲይኛም ከምባትኛም አልችልም። ከሆመቾና ከዶዮገና የሚመጣው ባለጉዳይ የሆዱን በቋንቋው ለሳቸው ተናግሮ፣ ለኔ በአማርኛ “እንደምን ዋልክ” ብሎኝ ይሄዳል። የሳቸው ችግር ደግሞ አቤቱታ መጻፍ ይሰለቻቸዋል። ተስማማን። ከአውራጃው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ከቀበሌ አንድ ክፍል ተከራየን፣ የኔን የጽሕፈት መኪና አስገባን፣ ውሉን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ትርፉን እኩል እንካፈላለን፣ ኪሳራ ቢመጣ ግን እኔ የለሁበትም ብዬ ጻፍኩ። ሸሪኬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ ከኪሳራ አንዱን ነጻ የሚያወጣ ቃል በሕግ ፈራሽ መሆኑን የትኛው ትምህርት ቤት እንዳላስተማረኝ ጠየቁኝ። ሰረዝኩት፤ ትርፍም ኪሳራም እኩል ሆነ። ባለጉዳይ በክፍያ ፈንታ የሚያመጣው በግና ቅቤም እንደ ትርፍ ይቆጠራል የሚል መስመር ጨመሩ። በጉን ለሁለት እንዴት እንደምንከፍለው ስጠይቃቸው ቢላ አለ አሉኝ።

ከሽርክና ስለ መውጣት ሁለት ሳምንት ተከራከርን። እኔ ባለጉዳዮቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ እፈራለሁ፣ እሳቸው ልጅ ነው አዲስ አበባ ይሄዳል ብለው ይፈራሉ። በመጨረሻ፣ ከሽርክናው መውጣት የሚፈልግ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፣ በእጁ ያሉትን ጉዳዮች ይጨርሳል፣ ለአንድ ዓመትም በከተማው ውስጥ ለብቻው ቢሮ አይከፍትም አልን። የሁለታችንም ልብ አረፈ።

ሞት ቀረ። ሕጉ፣ ዝም ካላችሁ አንዳችሁ ስትሞቱ ሽርክናው ያበቃል ይላል። እኛ ግን ይቀጥል አልን። አንቀጽ ዘጠኝን የጻፍኩት በአንድ ትንፋሽ ነው፦ በሕይወት ያለው ሸሪክ ሥራውን ይቀጥላል፤ ወራሾች በሟች ቦታ አይገቡም፤ የቢሮው ዕቃ ግማሽ ዋጋና እስከ ሞቱ ቀን ድረስ ከገባው ገንዘብ የሟች ድርሻ ይከፈላቸዋል፤ ያላለቁ ጉዳዮች ቀሪ ክፍያ ግን የቀጣዩ ሸሪክ ነው። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው ነገሩ ሁሉ። በኛ አገር ባለጉዳይ ግማሹን ሲጀምር፣ ግማሹን ሲፈረድለት ነው የሚከፍለው። ስለዚህ የአንድ ጠበቃ ሀብት ቢሮው ውስጥ አይደለም፤ ያላለቁት መዝገቦች ውስጥ ነው። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሳቸው ሃምሳ ሦስት ሆኗቸው ያስላሉ። ሒሳቡን እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ አንባቢ ያውቀዋል።

አነበቡት። የሞተ ሰው ችሎት አይቆምም ብዬ ሳልጠየቅ አስረዳሁ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ በሦስት ቅጂ እንዲሆን። ሸሪኮች ሁለት ነን፣ ሦስተኛው ለማን ነው አልኳቸው።

“ለባለቤቴ” አሉ። “አንቀጽ ዘጠኝ የሚያናግረው እኔን አይደለም። የሚያናግረው ሰው ያንብበው።”

ባለቤታቸው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው፣ አራት ልጅ አላቸው። ሁለት ምስክሮች ባሉበት ፈረምን፣ ሦስተኛው ቅጂ ወደ ቤት ሄደ። በሳምንቱ ለምሳ ጠሩኝ። ቅቤ የሚዋኝበት አተካና፣ የሀዲያ የቡላ ገንፎ፣ ቀረበልኝ። ሴትዮዋ ብላ እንጂ እያሉ ደጋግመው አቀረቡልኝ። ስለ ውሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት በላሁ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተናገሩም። አላነበቡትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የተማሪ ደብተር ለማረም ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው።

በሰባተኛው ዓመት እኔ ታመምኩ። ተስቦ ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ፣ ትኩሳቱ ሲያቃጥለኝ የማስበው ስለ ነፍሴ አልነበረም። ሚስቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ያላለቁ ጉዳዮች አሥራ አንድ ናቸው። አንቀጽ ዘጠኝን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት። እኔ ብሞት ለሚስቴና ለልጄ ግማሽ የጽሕፈት መኪና ይደርሳቸዋል። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሸሪኬ ሊጠይቁኝ ሲመጡ እጃቸውን ይዤ፣ ጋሼ አንቀጽ ዘጠኝ ይሻሻል አልኳቸው። ለምን አላሉም። ወረቀት አወጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ጻፉ፦ ያላለቁ ጉዳዮች ቀሪ ክፍያ፣ ሲሰበሰብ፣ ግማሹ ለሟች ወራሾች ይከፈላል። ማሻሻያ እንደ ዋናው ውል በጽሑፍ ሆኖ ሁላችንም ካልፈረምንበት እንደማይጸና ስለምናውቅ ሁለት ምስክር ተፈለገ። አንዱ የሆስፒታሉ ድሬሰር ሆነ፤ ሁለተኛው አብረዋቸው የመጡ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ያኔ በመንግሥት ታሽጎ ነበር፤ ሽማግሌው ግን አልታሸጉም። ሸሪኬ ፈረሙ፣ ቀኑን ጻፉ። ምስክሮቹም ፈረሙ። እስክሪብቶው ወደኔ መጣ።

እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ይፈርም ነበር። እኔ ግን በሰው ፊርማ ላይ ስንት መቃወሚያ ጽፌያለሁ፤ “ፊርማው የደንበኛዬን አይመስልም” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተኝቼም እጽፈዋለሁ። ነገ እጄ ሲረጋ እፈርማለሁ አልኩ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

ወረቀቱን ቢሮ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። እጄ ረግቶ ነበር። በዚያ እጅ በየቀኑ ማመልከቻ እፈርማለሁ። ዛሬ ባለጉዳይ በዛ፣ ዛሬ ምስክሮቹ የሉም፣ ዛሬ ቀለሙ ቀጥኗል። ልጄ ተወለደች። ሸሪኬ አንድ ቀንም አላስታወሱኝም። አንዳንዴ መሳቢያውን ስከፍት ቀና ብለው ያዩኝና ወደ መዝገባቸው ይመለሳሉ። ዝምታቸው ይቆጠቁጠኝ ነበር፣ ግን ለመፈረም የሚያበቃ አልሆነም።

እኔ ከዳንኩ በሰባት ወሩ ሸሪኬ ለጉዳይ ዶዮገና ሄደው ሲመለሱ አመማቸው። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ከሆመቾ፣ ከዶዮገና፣ እስከ አዲሎ ድረስ ሰው መጣ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ፣ ቢሮው የማን እንደነበር ገባኝ። አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ያለቀስኩት ግን ያላለቁ ጉዳዮች አሥራ አራት መሆናቸውን እያወቅሁ ነው። ይህን ካልጻፍኩ ሌላውን መጻፌ ዋጋ የለውም።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው ሦስተኛውን ቅጂ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አልመጡም። የቢሮውን ዕቃ ግማሽ ዋጋና የገባውን ገንዘብ ድርሻ አስቤ ላክሁላቸው። ተቀብለው ደረሰኝ ጻፉልኝ። ውሉ ያለው ይኸው ነው፤ ከሕጉ አንዲት ነጥብ አላጎደልኩም። አራት ልጆች በአንድ መምህርት ደመወዝ ያድራሉ። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። ደብተር እያረሙ ነበር። ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ እትዬ፣ አሁን እዚሁ ፊትዎ እፈርማለሁ አልኩ። የባላቸውን ጽሕፈት በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ባዶውን ቦታ አዩ።

“እሱ ቀኑን ጽፎበታል” አሉ። “አንተ የየትኛውን ቀን ትጽፍበታለህ?”

የዛሬውን ብጽፍ ከሟች ጋር መዋዋል ነው፤ አይጸናም። የዚያን ቀን ብጽፍ ሐሰት ነው። ዋናውን ውል ማንበባቸውን፣ የማሻሻያውንም ታሪክ ሁሉ እንደሚያውቁ ያኔ አረጋገጥኩ። እንዲህ ከሆነ ለምን አላስታወሱኝም አልኳቸው፣ የራሴን ጥፋት በሳቸው ላይ ልጭን ፈልጌ መሰለኝ።

“እሱ ነው ተዪው ያለኝ። ሳይለመን ከፈረመ ነው ፊርማ፣ አለ።”

ቢሮ ተመልሼ አዲስ ውል ጻፍኩ፤ ለራሴ የጻፍኩት ሁለተኛው ይኸው ነው። በዕለቱ ቀን፣ በኔና በሳቸው መካከል፤ እሳቸውም ስለ ራሳቸውና በልጆቹ ሞግዚትነታቸው። በአንቀጽ ዘጠኝ የተነሳውን ክርክር በስምምነት ጨርሰናል፤ ከአሥራ አራቱ ጉዳዮች ቀሪ ክፍያ፣ በተሰበሰበ ቁጥር፣ ግማሹን እከፍላለሁ። መዝገቦቹን በቁጥር ዘረዘርኩ። ማሳመሪያ የለውም፣ ዳኛ የሚያስለቅስ ቃል የለውም። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ሁለት ምስክር ይዤ ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤታቸው ጠበቅኋቸው።

ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ተቀበሉኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ባዶ ነው። ከዚያ ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያደርጉት፣ አንድ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረጉ።

“አንተ ብትሞትስ?” አሉኝ።

እዚያው ተቀምጬ በእጄ ጨመርኩት፦ ከፋይ የሞተ እንደሆነ ግዴታው በወራሾቹ ላይ ይጸናል። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው በሚንቀጠቀጥ እጅ ፈረምኩ፤ ፊርማው የኔን አይመስልም። እሳቸው ብዕራቸውን ያነሱት ከኔ በኋላ ነው። ቅጂው ስንት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ሁለት አልኳቸው።

“ሦስት አድርገው” አሉ። “አንዱን ለሚስትህ ስጣት።”