ሲጋራውን መንገድ ተሻግሮ የሚያጨሰው ደላላ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ያቺን መኪና ግን ሳልጽፋት ብቀር ይቆጨኛል።

ቡታጅራ ውስጥ ቤንዚን መጥፋት ሲደጋገም ታላቅ ወንድሜ ባጃጁን ሸጠ። በጋዝ እንድትሠራ የተቀየረች አሮጌ አውቶሞቢል ገዝቶ ወልቂጤ ሰው ሊያመላልስባት አሰበ። የጎደለውን የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ ሳምቡሳ ጠብሼ በጣልኩት ዕቁብ። ስለዚህ አብሬው ሄድኩ።

ደላላው መኪናዋን ጋራዦቹ አካባቢ አቁሞ ጠበቀን።

«ወላሂ ሰልፍ የሚባል ነገር ትረሳለህ» አለው። «ሌላው ማደያ ሲያድር አንተ ወልቂጤ ደርሰህ ትመለሳለህ።»

ወንድሜ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። መኪና ገዢ ሁሉ ጎማ ይመታል፤ ተመትቶ ምስጢር ያወጣ ጎማ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሽቶ ተርከፍክፎበታል። ደላላው «አዲስ የመኪና ሽቶ ነው» አለኝ። ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ሽቶ ማን እንደሚገዛ አልነገረኝም።

ሰውየው ሲጋራ ከአፉ አይለይም። መኪናዋ ጋ ሲደርስ ግን ያጠፋዋል፤ ሲያምረው መንገድ ይሻገራል። መጀመሪያ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ማዶ ተሻግሮ ግን ጭሱን አንድ ሽማግሌ ፊት ላይ ሲያቦነው አየሁት።

ወንድሜ ቀብድ ሊሰጥ እጁን ኪሱ ሲከት ጃኬቱን ሳብኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምን አያጨስም?» አልኩት በሹክሹክታ።

ወንድሜ ጥያቄዬን ጮክ ብሎ ለደላላው ደገመለት። ደላላው ሳቀ።

«ሐኪም ቀንስ ብሎኝ ነው።»

«ሐኪሙ ማዶውን አያይም?» አለው ወንድሜ፤ ከጎን ካለው ጋራዥም መካኒክ ጠራ።

መካኒኩ በሮቹንና ኮፈኑን አስከፈተ፤ የኋላውንም ዕቃ መጫኛ። ኦሞ በውሃ በጥብጦ የጋዙን ቱቦ መጋጠሚያ በብሩሽ ቀባው። አረፋው እንደ ቡና ጀበና ሳይሆን እንደ ሕፃን ምራቅ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ይኼ የወጥ ቤት ሲሊንደር ነው፤ በሽቦ ታስሮ» አለ።

«ጋዝ መጥፎ ነው ማለት ነው?» አለ ወንድሜ።

«ጋዝ ምን አደረገ? የመኪና ጋዝ ታንክ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚያቆም ቫልቭ አለው፣ ከአካሏ ጋር በብሎን ይታሰራል፣ ቢያፈስም ወደ ውጭ ነው። ይኼ ግን የሚያፈሰው ተሳፋሪው ላይ ነው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለው እሱ ነው። እስቲ በቤንዚን አስነሳት።»

አልተነሳችም። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ደርቆ ስለከረመ ፓምፑ ተቃጥሏል። ደላላው «በቤንዚን ለማስነሳት ከሆነማ ጋዝ ለምን ገባላት?» ብሎ ተቆጣ። የሚያሳዝነው፣ የተቆጣው የእውነቱን ነው።

ወንድሜ ገንዘቡን ወደ ውስጥ ኪሱ መለሰ። ስንሄድ ደላላው መንገዱን ተሻግሮ ሲጋራውን ለኮሰና ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ስትዪ ነበር የምታምሪው።»