እማማ ያጠቡት ጤፍ

ጤፍ ሲታጠብ አይቶ የጮኸ ሰው በደባርቅ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ያውም የጮኽሁት በእህቴ አማት ላይ ነው። ከሰሜን ተራሮች አናት፣ ጊች ተወልደው፣ ገብስ ሲዘሩና ሲያጭዱ ኖረው፣ በስተርጅና ከተማ ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ብረቱን ሁሉ እኮ አጥበው ደፉት!» አልኋቸው።

በሳፋ ውስጥ ጤፉን በእጃቸው እያዞሩ፣ ድፍርሱን ውኃ እየቀነሱ ነበር። ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ብረት? እኔስ ያየሁት ጭቃ ነው፤ ልጄ» አሉና ወደ ሳፋቸው ተመለሱ። ደሜ ፈላ።

እኔ ጤና ጣቢያ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ደም እቀዳለሁ፣ ቁጥር አነባለሁ። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯ ላይ ደሟን የለካሁት እኔው ነኝ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እርጉዝ ሴት ከአሥራ አንድ ባትወርድ ነው ደጉ። አዋላጇ ነርስ የብረት እንክብል ሰጠቻትና ቁርጡን ነገረቻት፦ «ካልጨመረ እዚህ አናዋልድሽም፤ ጎንደር ነው የምንልክሽ። ድንገት ብዙ ደም ቢፈስሽ እኛ ጋ የሚተካ ደም የለም።» እህቴ ፈራች። እኔ ከእሷ ይብስ ፈራሁ፤ ግን ታላቅ ነኝና ፍርሃቴን በቁጣ ሸፈንሁት። ጠባዬ ነው፤ ስፈራ እጮኻለሁ።

በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ጓዳዋን በረበርሁት። ነጭ ሩዝ፣ የፉርኖ ዳቦ፣ መኮሮኒ። ማቅለሽለሹ ሲጠናባት ሆዷ የተቀበላት ይኼንኑ ነበር፤ ባሏም ለእርጉዝ የሚገባ ምግብ ገዛሁ ብሎ ደረቱን ነፍቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼን እየበላሽ ነው ደም የምታመጪው?» ብዬ ጀመርሁላት። ሩዙ ነጭ እስኪሆን ሲፈተግ የሚሄደው ገለባው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ብረትና ቫይታሚን ያለበት ቆዳውና የሚበቅልበት እንቡጡም ተፍቆ ይሄዳል። ስንዴውም ፉርኖ ዱቄት ሲሆን ያው ነው። ጤፍን ግን በዚያ ደቃቅነቱ ማን ይፈትገዋል? ከነቆዳው ይፈጫል፣ ከነቆዳው ይበላል። ይኼ እውነት ነው፤ ዛሬም እምልበታለሁ። ጉዱ ያለው ከዚያ ወዲያ የተናገርሁት ላይ ነው።

ዳባት ገበያ ወርጄ ቀይ ጤፍ ገዛሁላት። ነጩ ለእንግዳ ነው፣ ብረቱ ያለው ቀዩ ላይ ነው ብዬ። አፌን ሞልቼም፣ «እንዲህ ያለ ጤፍ እያለሽ እንክብል ምን ያደርግልሻል?» አልኋት። እንዲያው ለአድናቆት ያህል ያልሁት ነው። እማማ ጤፉን ሲያጥቡ የደረስሁትና የጮኽሁት በዚያው ሰሞን ነበር። ከዚያ በኋላ እህቴን ወደ ጎን ወስጄ፣ «ጤፍሽን ደብቂ፤ እንዳያጥቡብሽ» አልኋት። እሷም ደበቀች። ሱቅ ስለምትውል ደግሞ ሊጡ ቀን እስኪቆጥር አትጠብቅም፤ የታሸገ እርሾ ከሱቋ ታነሳና በዕለቱ አቡክታ በዕለቱ ትጋግራለች። ሻይዋንም ከእንጀራው ጋር ነው የምትጠጣው።

ወር ሲሞላ ደሟን ለካሁ። ዘጠኝ። ማሽኑን ተጠራጠርሁና ደገምሁት። ዘጠኝ። ቅስሜ ስብር አለ።

አዋላጇ ወረቀቱን አይታ፣ «እንክብሉን እየዋጥሽ ነው?» አለቻት። እህቴ ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንክብሎቹ ከነእሽጋቸው ሣጥን ውስጥ ነበሩ።

«ጤፉ ይበቃታል ብዬ ነበር» አልሁ።

አዋላጇ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ አነጋገሯ ግን የእናት ነው። «ጤፍ ደግ እህል ነው» አለችኝ። «ግን ጤፍ አውድማ ላይ ሲወቃ አፈር ይገባበታል። በእኛ አገር አፈር ደግሞ ብረት ሞልቷል። ላቦራቶሪ ብታስመረምሪው ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው አንዱ ያ አፈር ነው፤ ሰውነት ግን ከአፈሩ ብረት እምብዛም አይወስድም። የራሱ የጤፉ ብረትም ቢሆን እህሉ ውስጥ ጨብጦ የሚይዘው ነገር አለ። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ነው ለቀቅ የሚያደርገው። ሻይና ቡና በላዩ ሲጠጣበት ደግሞ ይብስበታል።»

ወይ እኔ! ስንት ዓመት ደም ስለካ ኖሬ፣ አፈር ታጠበብኝ ብዬ ባልቴት ላይ ጮኽሁ።

በዚያው ቀን እማማ ዘንድ ሄድሁ። ደጃፍ ተቀምጠው ዳጉሳ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጭቃ ነው ያሉት እውነትዎን ነበር» አልኋቸው።

«ብረት ነው ስትይ እኮ ሰግቼ ነበር፤ ጥርሴ ሁለት ነው የቀረው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እያፈርሁ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱን እሳቸው ያዙት። ጤፉ ይታጠባል፣ ደርቆ ይፈጫል፣ በቤት እርሾ ሦስት ቀን ይቦካል። «ጊች ብርዱ አያስቦካልንም ነበር፤ ሊጡን ጋቢ አልብሰን፣ አቅፈን ነበር የምናድረው» ይላሉ፤ እንዳጋነኑ ባውቅም አልከራከርም። ዳጉሳውን ገንፎ አደረጉላት። አዋላጇም ሰምታ፣ «ይጨምሩላት፤ ለአጥንት በሚሆነው ካልሲየም ከዳጉሳ የሚስተካከል እህል የለም» አለች። ከቆላ ቀይ ማሽላ የላከ ዘመድ ነበር። ማሽላም ጠንካራ እህል ነው፤ ግን ያ ቀዩ፣ ምላስ የሚያኮማትረው ዓይነት፣ እንደ ሻይ ብረቱን ጨብጦ ይይዛልና ለጊዜው ለእኛ ይሁን ተባለና እኛ በላነው። በእንጀራው ላይ የምስር ወጥ ሆነ፣ ሎሚ ተጨመቀበት። ሻዩ ከምግብ ርቆ ይጠጣ ተባለ። ሩዙንም አልጣልነውም፤ ሆዷ እንቢ ባለ ቀን ከምስር ጋር ትበላዋለች። እንክብሉን ደግሞ እማማ ራሳቸው በየቀኑ መዳፏ ላይ ያስቀምጡና እስክትውጥ ፊቷ ይቆማሉ። አዋላጇ ከሁሉ በላይ ደሙን የሚያነሳው እንክብሉ ነው ብላናለችና በዚህ ቀልድ የለም።

በሰባተኛው ወር አሥር ሆነ። ዘጠነኛው ሲገባ ደሟን ቀዳሁና ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ፊቴን አዞርሁ፤ ሌላ ሰው ያንብብልኝ አልሁ። አሥራ አንድ ከሁለት። ላቦራቶሪው ውስጥ እልል አልሁ፤ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ።

እዚሁ ደባርቅ፣ ረፋዱ ላይ ወለደች። ሴት ልጅ። አዋላጇ ብቅ ብላ፣ «ደሙ ደህና ነው፤ ብዙ አልፈሰሳትም» ስትለኝ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ። እማማ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና በፔርሙስ የያዙትን የገብስ አጥሚት ይዘው ገቡ።

ብቻችንን ስንሆን ወራት ሙሉ የበላኝን ነገር አወጣሁት። «እንክብሉን ያስተውሁሽ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ሆነሽ ቢሆን ኖሮ በእኔ አፍ ነበር» አልኋት።

እህቴ አጥሚቱን አስቀመጠች። «እቴቴ፣ አንቺ ባትናገሪም አልውጠውም ነበር፤ ያስመልሰኛል» አለች። «መዋጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ብቻ የምጠጋበት ሰው ፈልጌ ነበርና አንቺ ስትይው ደስ አለኝ። አንቺ አትሳሳቺም ብዬ አይደለም። ብሞት እንኳ አንቺን ሰምቼ ነው እንዲባል ነው።»

 ልጂቱን አቅፌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጮኽ ፈራሁ።