ሄራ ዴቪ የመረጡት መልክ

ኒርጃላ በፓታን ከተማ፣ ከእኔ ማተሚያ ቤት ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የዕቃ መለያ ሥዕል የምትሠራ ሴት ናት። እጇ ይሥላል፤ ነገር ግን የሰፈራችን ነጋዴ በእጅ የሚሣል ሥዕል የሚጠብቅበት ትዕግሥት ካለቀ ቆይቷል። እሷም እንደ ጓደኞቿ በቃላት የጻፉለትን ወደ ሥዕል የሚለውጥ የኢንተርኔት ፕሮግራም መጠቀም ጀመረች። ሥዕሉን እሷ ታወጣለች፣ እኔ አትማለሁ፤ እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወዳቸው ሄራ ዴቪን ነበር። ሄራ ዴቪና ባለቤታቸው ጊያን ራትና በቤታቸው ምድር ቤት አቻር ይሠሩ ነበር፤ በዘይትና በቅመም የተቀመጠ የማንጎ፣ ሙላ የምንለው የነጭ ሥር አትክልት፣ የቃሪያ። አሮጊቷ ደረጃውን እያቃሰቱ ይወጡና ከኒርጃላ አጠገብ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ። ኒርጃላ እሳቸውን "አማ"፣ ባላቸውን "ባ" ትላለች፤ እናትና አባት ማለት ነው።

አንድ ቆንጆ ሥዕል ማውጣት ማንንም አያቅተውም። የሚያስቸግረው ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዲመስል ማድረግ ነው። ኒርጃላ ለዚህ አንድ አንቀጽ ጻፈች፦ በሻካራ ወረቀት ላይ የተቀባ ውሃ ቀለም፣ ከግራ የሚገባ የጧት ብርሃን፣ የሰናፍጭ ቢጫና የጡብ ቀይ፣ ከጎን የምትታይ ጸጉሯን የጎነጎነች ሴት። ይህ አንቀጽ ለእያንዳንዱ ሥዕል ሳይነካ ይገባል፤ የሚለወጠው "ማንጎ ትቆርጣለች" ወይም "ቃሪያ ታሰጣለች" የሚለው መስመር ብቻ ነው።

ሌላው ሲድ የሚሉት ቁጥር ነው፤ ዘር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሥዕል የሚጀምረው ጣቢያ ያጣ ቴሌቪዥን ላይ ከሚታየው ዓይነት ነጠብጣብ ነው፤ የዘሩ ቁጥር ደግሞ የትኛው ነጠብጣብ እንደሆነ ይወስናል። ቁጥሩ ካልተቆለፈ በየጊዜው ሌላ ይመጣል። ኒርጃላ በተለያየ ቁጥር ብዙ ሥዕል አወጣችና ለሄራ ዴቪ ደረደረችላቸው።

"ይቺ ወፍራም ናት" አሉ አሮጊቷ። "ይቺ ደግሞ ባሏ የደበደባት ትመስላለች። እቺኛዋ ግን፣ አየሻት? ሥራዋን እየሠራች ሌላ ነገር ታስባለች። እቺ ናት!"

ቁጥሩ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ማንጎውም ሙላውም ቃሪያውም የአንድ እናት ልጆች መስለው ወጡ። ሙሉ በሙሉ አንድ ነበሩ አልልም፤ መስመሯ ስትቀየር የሴትዮዋ ክንድም አቀማመጥም ትንሽ ይለወጣል። ቢሆንም መደርደሪያ ላይ ላያቸው ሰው የማን እንደሆኑ አይጠፋውም። አንድ ጊዜ ሱዮግ፣ ልጃቸው፣ "የጡብ ቀይ" የሚለውን "ደማቅ ቀይ" ብሎ ለወጠ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ቀይ ነው የምትለብሰውና ሴትዮዋ የሰርግ ልብስ የለበሰች መሰለች።

"እጅህን ሰብስብ!" አሉት እናቱ። "ወጥ ነው እንዴ ጨው የምትጨምርበት?"

የቀረው ላፕሲ ነበር። ላፕሲ የተራራ ፍሬ ነው፤ ኮምጣጣ፣ አፍ የሚጨመድድ። የሄራ ዴቪ ላፕሲ ከእናታቸው የተማሩት ነውና በስማቸው እንዲሸጥ የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነበር። "ፍሬው ይድረስና ከዚያ ሥዕሉን እንሠራለን፤ አይቼው ነው የማስቀባሽ" አሉ። ፍሬው ደረሰ፤ ከተቀቀለም በኋላ እሳቸው ታመሙ። ብርዱ ሳያልፍ አረፉ።

ጊያን ራትና ለሐዘን ነጭ ለበሱ። በእኛ ዘንድ የሐዘኑ ዓመት ሳይሞላ አዲስ ነገር አይጀመርም፤ ላፕሲውም በእንስራ ውስጥ ቆየ። ዓመቱ ሲሞላ ሽማግሌው በዝግታ ደረጃውን ወጡ።

"እንግዲህ የእሷን ሥሪ፣ ልጄ።"

ኒርጃላ ፕሮግራሙን ከፈተች። አንቀጹን አስገባች፣ ቁጥሩን አስገባች፣ "ላፕሲ ትልጣለች" ብላ ጨመረች፤ ፍሬውን ፕሮግራሙ ስለማያውቀው ቅርጹንና ቀለሙንም ገለጸችለት። የመጣችው ሴት የምታብረቀርቅ ወጣት ነበረች። ፊቷ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ ብርሃኑ ከፊት ነው፤ ወረቀቱ ሻካራነቱ ጠፍቷል።

ኒርጃላ የተሳሳተች መስሏት ደግማ ሞከረች። ከዚያ የማንጎውን የድሮ ቃል ሳትነካ አስገባች። ያቺው ወጣት ማንጎ ይዛ መጣች። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ባለቤቶቹ ፕሮግራሙን በአዲስ ተክተውታል፣ አሮጌውም ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፤ በአዲሱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያበቅለው።

"ምን ሆነሻል?" አሉ ጊያን ራትና። "ቁጥሩን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም፣ ባ። ቁጥሩ አለ። ቁጥሩ የሚሠራበት ቤት ነው የፈረሰው።"

"ታዲያ የሠሩት ሰዎች የሉም? ጠይቂያቸው።"

ጻፈችላቸው። በትሕትና መለሱ፤ አሮጌው ተዘግቷል፣ አይመለስም፣ ቁጥርም ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። ኮምፒውተሯ ላይ ቅጂ የላትም፤ በኢንተርኔት ተበድራ የምትጠቀምበት ነገር ነው። የድሮዎቹን ሥዕሎች ለአዲሱ አሳይታ "እንዲህ አድርግ" አለችው። ቀለሙ ተቃረበ፤ ሴትዮዋ ግን ሥራዋን ብቻ ነው የምታየው፣ ሌላ ነገር አታስብም። አንቀጹን አሳጠረች፣ አስረዘመች፣ የብርሃኑን ቃል ወደ ፊት አመጣች። በመጨረሻ በእጇ ልትሥለው ተቀመጠች። እሱንም አየሁት፤ ጥሩ ሥዕል ነው፣ ግን ከነዚያ ጎን ሲቆም እንግዳ ነው። ራሷም አወቀችው፤ አጥፋ ከጠረጴዛው ሥር አስገባችው።

ሱዮግ ዕቃውን የሚወስዱት ትልልቅ ሱቆች ያሉትን ይዞ መጣ። "ሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆነ መደርደሪያ ላይ አናስቀምጥም ብለዋል። ሁለት ምርጫ ነው ያለን፣ ባ። ወይ ላፕሲውን እንተወው፣ ወይ ሁሉንም በአዲሱ እናሠራ።"

"የእናትህን ላፕሲ እንተወው?"

"እኔ አላልኩም!"

"ሥዕሉንም የመረጠችው እሷ ናት" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ኒርጃላ ዞሩ። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

ኒርጃላ አለቀሰች። ሽማግሌው ደንግጠው የራሳቸውን ሻይ አቀረቡላት፤ እሷ ልታጽናናቸው ሲገባ እሳቸው አጽናኗት።

"ተይ፣ ልጄ። ላፕሲውን ራሷ ነው የቀቀለችው። ሥዕሉን ግን አይታ መረጠች እንጂ አልሠራችውም። ሁሉንም በአዲሱ ሥሪው።"

ኒርጃላ አዲስ አንቀጽ ጻፈች። በብዙ ቁጥር ብዙ ሥዕል አውጥታ ደረደረችላቸው። ጊያን ራትና ረጅም ጊዜ ቢያዩም "እቺ ናት" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። "አንቺ የወደድሽውን" አሉ። እሷም አንዱን ቁጥር ቆለፈች፤ ማንጎው፣ ሙላው፣ ቃሪያው፣ ላፕሲውም ወጡ። እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ ጥሩ ሥራ ነው።

እያተምኩ ሳለ አጠገቤ ቆማ ነበር። "ይሄስ እስከ መቼ ነው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች። "እነሱ እስኪቀይሩት።"

ጊያን ራትናም መጡ። ገና ቀለሙ ያልደረቀ የላፕሲ ወረቀት አነሳሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ያምራል" አሉ።

ቀለሙ ሲደርቅ ናሙናውን ይዘው እንዲሄዱ አጠፍኩላቸው። ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ፤ ረስተውት ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም።